የተገለበጠው ኩርባ እና የሀጂ መጋዘን

ኖቬምበር 2022 አንድ ማታ ከዚራ፣ በረንዳችን ላይ ሻይ እየጠጣሁ ሚኒያፖሊስ ያለው የአክስቴ ልጅ ደወለ። (ዓመቱን በፈረንጅ የጻፍኩት ነገሩ የአሜሪካ ስለሆነ ነው፤ ከዚህ በታችም እንደዚያው ነው።) እሱ ጋ ገና ጠዋት ነው። ሰላምታውን እንኳን በቅጡ አልጨረሰም።

«አቦ፣ ኩርባው ተገልብጧል እያሉ ነው። ዜናው ሁሉ እሱ ሆኗል። አክሲዮኔን ልሽጥ?»

ባንክ ቤት ስለምሠራ የዓለምን ገንዘብ ሁሉ የማውቅ ይመስለዋል። እኔ የብድር ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ የማውቀው የመያዣ ግምትና የመኪና ሊብሬ ነው። ግን «አላውቅም» ማለት ከበደኝ። የተገለበጠ ኩርባ የኢኮኖሚ ድቀት ምልክት እንደሆነ የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር። «ሽጥ» አልኩት። ሸጠ።

40 ሺህ ዶላር ገደማ ነበረው፤ የአሜሪካን ትልልቅ 500 ኩባንያዎች በአንድ ላይ በሚይዝ ፈንድ ውስጥ። ሸጦ ገንዘቡን የአጭር ጊዜ የመንግሥት ሰነድ ገዛበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ሰነዱ ወደ 44 ሺህ አደረሰለት። ሳይነካው ቢተወው ኖሮ ወደ 60 ሺህ ይጠጋ ነበር። አሁንም ስንደዋወል መጀመሪያ የሚያነሳብኝ ያንን 16 ሺህ ነው። እውነቱን ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ነገሩን ያጠናሁት። ኩርባው ያኔ የተናገረው ነገር ነበር። እኔ ግን ያላለውን ጨምሬ አስተረጎምኩት።

የአሜሪካ መንግሥት ሲበደር ለተለያየ ጊዜ ነው የሚበደረው። ለ3 ወር ይበደራል፣ ለ2 ዓመት፣ ለ10 ዓመት፣ እስከ 30 ዓመትም። ለእያንዳንዱ ጊዜ ገበያው የሚጠይቀው ዓመታዊ ትርፍ አለ፤ ነጋዴዎቹ ዪልድ ይሉታል። ወረቀት ላይ ጊዜውን አግድም፣ ትርፉን ሽቅብ አስምሩና ነጥቦቹን አገናኟቸው። ኩርባ የሚባለው ይኸው ነው።

በደህናው ጊዜ መስመሩ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። ገንዘቡን ለ10 ዓመት የሚለቅ ሰው ለ3 ወር ከሚለቀው የበለጠ ይጠይቃል፤ እስከዚያ ኑሮ ምን ያህል እንደሚወደድ አያውቅማ። አንዳንዴ መስመሩ ይተኛል፣ አጭሩም ረጅሙም እኩል ይከፍላሉ። አንዳንዴ መሐሉ ላይ ጉብ ይላል። እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሪያ ስለሆኑ አልቆይባቸውም። ወሬ የሚበዛው መስመሩ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ለ2 ዓመት ያበደረ 5 በመቶ እያገኘ፣ ለ10 ዓመት ያበደረ በ4 በመቶ ሲስማማ።

እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው «ምን ነካቸው?» ይላል። ብዙ ጠብቆ ትንሽ መቀበል ምን የሚሉት ንግድ ነው?

ድሬ ላይ ወለድ ሲባል ፊቱን የሚያዞር ብዙ ሰው ስላለ በኪራይ ላስረዳ። ሰፈራችን አንድ ሀጂ አለ፤ ከከተማው ዳር ትልቅ መጋዘን አለው። (በድሬ ወግ ሀጂንም «አንተ» ነው የምንለው፤ የሌላ አገር ሰው አይታዘበን።) በዚያው በ2022 ከጅቡቲ የሚመጣ የእርዳታ እህል በዝቶ መጋዘን ተፈላጊ ሆኖ ነበር። አንድ ድርጅት ለአንድ ዓመት፣ በወር 200 ሺህ ብር ሊከራየው መጣ። ሌላው ለሁለት ዓመት ልዋዋል አለ፤ ግን በወር 160 ሺህ ብር ብቻ። ሀጂ የሁለት ዓመቱን ፈረመ። ልጆቹ ሳምንት ሙሉ አኮረፉት።

እሱ ግን ሂሳቡን ሠርቷል። «ዘንድሮ 200 ነው» አለኝ በጣቱ ጠረጴዛውን እየነካ። «ከርሞ እህሉ ሲቀንስ የዚህ ሰፈር መጋዘን ሁሉ ባዶ ይሆናል። ያኔ 120 የሚሰጥህ ካገኘህ አልሐምዱሊላህ በል። 200 እና 120፣ አማካዩ 160። ታዲያ ምን ተጎዳሁ?»

እንግዲህ ሀጂን ባታውቁትም፣ ምንም ባይነግራችሁም፣ ሁለቱን ውሎች ብቻ አይታችሁ ሐሳቡን ማወቅ ትችላላችሁ። የአንድ ዓመቱ 200፣ የሁለት ዓመቱ 160 ከሆነ፣ ሰውየው የከርሞውን ኪራይ 120 ገምቶታል ማለት ነው። ግምቱ ውሉ ውስጥ ተቀብሯል።

የቦንድ ገበያም የሚነበበው እንደዚህ ነው። የ1 ዓመት ሰነድ 5 በመቶ፣ የ2 ዓመት ደግሞ በየዓመቱ 4.5 በመቶ የሚሰጥ ከሆነ፣ ገበያው ለሁለተኛው ዓመት የገመተው ወደ 4 በመቶ ነው። አማካዩ 4.5 እንዲመጣ ሌላ መንገድ የለም። ረጅሙን የሚገዙት ሰዎች ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። የዛሬው 5 በመቶ አይቆይም ብለው ስለሚያምኑ፣ ሳያመልጣቸው የሚገኘውን ለብዙ ዓመት ማሰር ፈልገው ነው።

የአጭሩን ጊዜ ወለድ በእጁ የያዘው የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭ ነው። ስለዚህ ኩርባው ሲገለበጥ መልእክቱ አንድ ነው፦ ፌደራል ሪዘርቭ ወደፊት ወለድ ይቀንሳል። እስከዚህ ነው የሚናገረው። ለምን እንደሚቀንስ አይናገርም። ኢኮኖሚው ሲደቅ ይቀንሳል። የዋጋ ንረት ሲበርድም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ለአክሲዮን መርዶ ነው፤ ሁለተኛው የምሥራች ነው። በጁን 2022 የአሜሪካ የዋጋ ንረት 9.1 በመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ የሚወርድበት ሰፊ ቦታ ነበረው። እኔ ግን «ሽጥ» ስል የመጀመሪያውን ብቻ አስቤ ነበር።

እንዲያ ያሰብኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ካምቤል ሃርቪ የሚባል ተመራማሪ በ1986 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራው በዚህ ላይ ነው። ኩርባው ሲገለበጥ ድቀት እንደሚከተል አሳየ። ከጥናቱ በኋላም ምልክቱ ሠራ። በ1990፣ በ2001 እና በ2007 መጨረሻ ከጀመሩት ድቀቶች በፊት ኩርባው ተገልብጦ ነበር። ሃርቪ የሚያየው የ3 ወሩን ከረጅሙ ጋር ነው፤ ያውም ለአንድ ሙሉ ሩብ ዓመት ተገልብጦ ከቆየ ብቻ። የአንድ ቀን ግልበጣ ለእሱ ምንም አይደለም። በዜና የሚበዛው ደግሞ የ2 ዓመቱና የ10 ዓመቱ ንጽጽር ነው። «ተገለበጠ» ሲባል የትኛው ከየትኛው እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደቆየ መጠየቅ ግማሹን ግርግር ያስቀራል።

አሁን የቦንድ ነጋዴው ወንበር ላይ እንቀመጥ። የቦንድ ዋጋና ትርፍ እንደ ሚዛን ናቸው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። በ100 ዶላር የተገዛ፣ በዓመት 4 ዶላር የሚከፍል የ10 ዓመት ቦንድ ይዛችኋል እንበል። ነገ ገበያው 5 በመቶ መጠየቅ ከጀመረ 4 የሚከፍለውን በ100 የሚገዛችሁ የለም፤ ዋጋው ወደ 92 ይወርዳል። ገበያው በ3 በመቶ ከተስማማ ደግሞ ከ108 በላይ ይሄዳል። ይኸው ለውጥ የ2 ዓመት ቦንድን የሚያነቃንቀው በ2 ዶላር ገደማ ብቻ ነው።

ኩርባው ሲገለበጥ የነጋዴው ጥያቄ ይህ ነው፦ አጭሩን ይዤ 5 ልብላ ወይስ ረጅሙን ገዝቼ በ4 ልሰር? ረጅሙን ከያዘ በዓመት 1 ዶላር እየተወ ነው። ግን የረጅሙ ትርፍ በዓመቱ ውስጥ የ1 በመቶ አንድ ስምንተኛ ያህል እንኳን ቢወርድ ዋጋው በ1 ዶላር ይጨምርና የተወውን ይመልስለታል። በወረቀት ላይ ሲታይ የዋዛ ውርርድ ነው። ብዙዎችን የበላው ይህ ነው።

ማርች 8 ቀን 2023፣ ረቡዕ። የ2 ዓመቱ 5.05 በመቶ፣ የ10 ዓመቱ 3.98። ልዩነቱ 1.07፤ ኩርባው ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እንዲህ ጠልቆ አያውቅም ነበር። በዚያው ዕለት ማታ ሲሊከን ቫሊ ባንክ 1.8 ቢሊዮን ዶላር ከስሮ ቦንዶቹን መሸጡን አሳወቀ። ባንኩ ወለድ ዜሮ አጠገብ በነበረበት ጊዜ የደንበኞቹን ተቀማጭ ረጅም ቦንድ ገዝቶበት ነበር። ያ 100 ገብቶ 92 የሆነው ታሪክ በእሱ ላይ የደረሰው በብዙ እጥፍ ነው። ዓርብ ተዘጋ። ሰኞ የ2 ዓመቱ 4.03፣ የ10 ዓመቱ 3.55 ሆነ።

ምን እንደተንቀሳቀሰ ልብ በሉ። በሦስት የሥራ ቀን የ2 ዓመቱ በአንድ ሙሉ ነጥብ ወረደ፤ የ10 ዓመቱ ግማሹን እንኳን አልወረደም። ልዩነቱ ከ1.07 ወደ 0.48 ጠበበ። ገበያው «ፌደራል ሪዘርቭ ተጨንቆ ወለድ ይቀንሳል» ብሎ አጭሩን ተሻማ። ኩርባ በዚህ መንገድ፣ አጭሩ ጫፍ ተንዶ ሲቃና፣ ፍርሃት አለ ማለት ነው። ነጋዴዎቹ ከግልበጣው ይልቅ ይህን የሚፈሩት ለዚህ ነው።

ነገሩ በረደ። መንግሥት ተቀማጩን ሁሉ አስከበረ፣ ኩርባው ተመልሶ በጁላይ እንደገና ያንኑ ያህል ጠለቀ። ከዚያ በኋላ ግን በሌላ መንገድ መቃናት ጀመረ። አጭሩ ከቦታው ሳይነቃነቅ ረጅሙ ወጣ። በኦክቶበር 2023 የ10 ዓመቱ 5 በመቶን ነካ። በማርች በ3.98 አስሬዋለሁ ብሎ የተደሰተው ሰው ቦንዱ 92 ዶላር ገደማ ሆኖ ጠበቀው። ስለ ፌደራል ሪዘርቭ የገመተው መጨረሻ ላይ ደርሷል፤ በሴፕቴምበር 2024 ወለዱ ተቀነሰ። እስከዚያ በተበደረ ገንዘብ ይዞ የነበረ ግን ገና በኦክቶበር ከጨዋታ ወጥቷል።

ስለዚህ «ኩርባው ተቃና» የሚል ዜና ስትሰሙ የትኛው ጫፍ እንደሄደ ተመልከቱ። አጭሩ ከወረደ ገበያው የወለድ ቅነሳ እየጠበቀ ነው። ረጅሙ ከወጣ ስለ ዋጋ ንረት፣ ስለ መንግሥት ብድር ብዛት ወይም ስለ ኢኮኖሚው ጥንካሬ እያሰበ ነው። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ ረጅም ቦንድ የያዘ ሰው ግን በአንዱ ያተርፋል፣ በሌላው ይከስራል።

ወደ የአክስቴ ልጅ አክሲዮን እንመለስ። አክሲዮን የሚጎዳበት መንገድ ለእኔ እንደ ባንክ ሠራተኛ ግልጽ ነው። ባንክ በአጭር ጊዜ ገንዘብ ይሰበስባል፣ በረጅም ጊዜ ያበድራል፤ የሚኖረው በመሐሉ ባለው ልዩነት ነው። ኩርባው ሲገለበጥ ልዩነቱ ይጠባል። ያኔ የብድር ኮሚቴው ይከብዳል፣ መያዣ ይበዛል፣ ጥያቄው ሁሉ «ይታይ» እየተባለ ይመለሳል። ብድር ያጣ ኩባንያ ማስፋፊያውን ያቆማል፣ ከዚያ ሠራተኛ ይቀንሳል። ትርፍ ሲወርድ አክሲዮኑም ይወርዳል። ችግሩ ይህ ሰንሰለት ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው እስኪደርስ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። በ2006 ኩርባው ተገለበጠ፤ አክሲዮን ግን እስከ ኦክቶበር 2007 ሲወጣ ነበር። ከዚያ እስከ ማርች 2009 ከግማሽ በላይ ወደቀ።

በ2022 ደግሞ ቅደም ተከተሉ ተዛባ። የአክሲዮን ገበያው ከጃንዋሪ ጀምሮ ሲወርድ ከርሞ 25 በመቶ ገደማ አጥቶ ኦክቶበር 12 ቀን ወለሉን ነካ። የ3 ወሩና የ10 ዓመቱ የተገለበጡት በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ማለትም የአክስቴ ልጅ በኖቬምበር ሲደውልልኝ አክሲዮኑ ሐዘኑን ጨርሶ ድንኳን እያፈረሰ ነበር። እኔ ነኝ ገና ለቅሶ ልድረስ ያልኩት።

ድቀቱስ? በ2024 ኩርባው ሲቃና አሜሪካ ውስጥ የታወጀ ድቀት አልነበረም። ሃርቪ ራሱ በ2023 መጀመሪያ «የዘንድሮው የሐሰት ምልክት ሊሆን ይችላል» የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለምን እንደከሸፈ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱን ያገኘሁት እዚያው ከአክስቴ ልጅ ነው። በ2021 ቤት ገዝቷል። ብድሩ የ30 ዓመት፣ ወለዱ 3 በመቶ አካባቢ፣ እስከ መጨረሻው የማይለወጥ። ፌደራል ሪዘርቭ ከዜሮ አካባቢ ተነስቶ ከ5 በመቶ በላይ ሲወጣ የእሱ ወርሃዊ ክፍያ በአንድ ሳንቲም አልጨመረም። ደመወዙን እንደወትሮው እያጠፋ ቀጠለ። በሚሊዮን የሚቆጠር አሜሪካዊ በዚያው ዓይነት ብድር ውስጥ ነበር፤ ብዙ ትልልቅ ኩባንያዎችም በርካሹ ጊዜ ረጅም ብድር ወስደው ነበር። የወለዱ ዱላ ያረፈባቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህን ስነግረው «እንግዲህ ምልክቱን ያበላሸሁት እኔ ነኛ» ብሎ ሳቀ። 16 ሺሁን ግን አልረሳልኝም።

ዛሬ ቢደውልልኝ ከኩርባው ጎን አንድ ነገር እንዲያይ እነግረው ነበር፦ ደከም ያሉ ኩባንያዎች ሲበደሩ ከመንግሥት በላይ ስንት እንደሚጨምሩ። ያ ጭማሪ ሲሰፋ አበዳሪው መፍራት ጀምሯል፤ ሰንሰለቱ እየሠራ ነው። በ2007 ክረምት ላይ እየሰፋ ነበር። በ2024 ኩርባው ሲቃና ግን ጠባብ ነበር። ግልበጣውና ፍርሃቱ አብረው ካልመጡ አክሲዮን ለመሸጥ መሮጥ የእኔን ስህተት መድገም ነው ባይ ነኝ።

መሥሪያ ቤት አንድ ልጅ «የኛንስ ኩርባ ለምን አንሠራም?» ብሎኛል። መሥራት ይቻላል። ብሔራዊ ባንክ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነዶችን በጨረታ ያወጣል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ መደርደር አንድ ነገር ነው፣ ማንበብ ሌላ። ሀጂ 160ውን የተቀበለው ወዶ ስለሆነ ነው ሐሳቡን ያወቅነው። የእኛ ባንኮች ግን ለዓመታት የመንግሥት ቦንድ የገዙት በመመሪያ ተገደው ነው። ተገዶ የገዛ ሰው የከፈለው ዋጋ ስለ ከርሞ ምን እንደሚያስብ አይነግርም። ልጁ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ የየጨረታውን ውጤት በኤክሴል መመዝገብ ጀምሯል።

ሀጂን በቀደም መጋላ አገኘሁት። ውሉ አልቋል። በሁለተኛው ዓመት እህሉ እሱ እንዳሰበው አልቀነሰም፤ አጠገቡ ያለው መጋዘን በወር በ230 ሺህ ተከራየ። የእሱ በ160 ታስሮ ከረመ። ልጆቹ አሁንም ያነሱበታል።

«ተሳሳትክ ታዲያ» አልኩት።

«ሂሳቤ ልክ ነበር» አለ፣ ሻዩን እያማሰለ። «እህሉ ነው የከዳኝ።» ከዚያ ለአዲሱ ተከራይ የስንት ዓመት ውል እንደፈረመ ጠየቅኩት። በእጁ አንድ ጣት አሳየኝና ወደ ሻዩ ተመለሰ።